አሳጥርልኝ፣ ለስለስ አርግልኝ፣ ጠንከር አርግልኝ፦ ላንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ልብስ፣ የቱን መቼ?

ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ሲቪ እሠራለሁ፣ ገበያ ቀን ደሞ ስልኩን ይዞ መጥቶ "እስቲ ይችን ሜሴጅ ጻፍልኝ" የሚለኝ አይጠፋም። ጽፌ ሳነብለት ሁሉም ከሦስት ነገር አንዱን ነው የሚለኝ፣ ወይ "አሳጥራት"፣ ወይ "ለስለስ አርጋት"፣ ወይ "ኧረ ጠንከር አርጋት እንጅ ይሄማ ልመና ነው"። ድሮ የተባልኩትን ዝም ብየ እሠራ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም ሰው "ለስለስ አርገው" ሲል የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፣ "አሳጥረው" ያለው ደሞ ሲላክ ቁጣ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዝኛ ሲገባበትማ ጭራሽ ይገለባበጣል። ስለዚህ የቱ መቼ እንደሚሻል ባንድ ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ፣ ብዙ ምሳሌ ከመደርደር አንዷን ማገላበጥ ይሻላል።

ዓረፍተ ነገሯ ይች ናት፦ "ቀሪውን 18 ሺ ብር እስከ አርብ ላክልኝ።"

ባለቤቷ ከገጠር የመጡ አያ ናቸው። በርበሬ ለባሕር ዳር ነጋዴ ሸጠው ግማሹን በእጅ ተቀብለው ቀሪውን "በ15 ቀን እልካለሁ" ተብለው ወሩ አልፏል። ነጋዴው በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፣ በገንዘብ ግን ይበልጣቸዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም በርበሬውን የሚገዛቸው እሱ ነው። ይሄን ሁሉ የነገሩኝ ስጠይቃቸው ነው፣ ሲመጡማ ያሉኝ "ጠንከር አርገህ ጻፍለት" ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ ማሳጠር ላውራ፣ ምክንያቱም ማሳጠር ቀላል ይመስላል። እዚህ አገር ሰው አሁንም ብዙ የሚልከው በኤስኤምኤስ ነው፣ እና ኤስኤምኤስ ላይ የኛ ፊደል ውድ ነው። በላቲን ብቻ የተጻፈ ሜሴጅ 160 ሆሄ ይይዛል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ሙሉ ሜሴጁ ወደ 70 ይወርዳል፣ ክፍት ቦታውም ነጥቡም ተቆጥሮ ማለት ነው። ከ70 ካለፈች ደሞ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፣ ሦስቷ ክፍሎቹን ለመገጣጠም ትሄዳለች። የአያ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን 26 ናት፣ ብዙ ቦታ ይተርፋል። እና ሰው ሊያሳጥር ሲል መጀመሪያ የሚቆርጠው ምንድነው? ሰላምታውን። አማርኛ ላይ ደሞ የመጨረሻ መቆረጥ ያለበት እሱ ነው።

ለምን ብትሉ፣ ለሚያውቁት ሰው ያለ "እንደምን ሰነበትህ" ዘሎ ብር መጠየቅ አጭር አደለም፣ ተቀይሞ ነው የሚባለው። ተቀባዩ ሜሴጁን ከማንበቡ በፊት "ምነው ሰውየው ሰላምታም ነፈገኝ" ይላል። አሥር ሆሄ ቆጥበህ ኩርፊያ ላክህ ማለት ነው። መቆረጥ የሚችለው መሀል ላይ ያለው ነው፣ "ስለሆነ ነው"፣ "የምጠይቅህ ነገር ቢኖር"፣ "ከዚህ ቀደም እንደተነጋገርነው" የሚሉት። መቼም መቆረጥ የሌለባቸው ደሞ የብሩ ልክና ቀኑ ናቸው። ቀኗ ተቆርጣ "ቀሪውን ላክልኝ" ብቻ ከሆነች መልሱ "እሽ" ነው፣ "እሽ" ደሞ ቀን የለውም።

አንድ ሌላ የማሳጠር ወጥመድ አለ፣ "ላክልኝ" ውስጥ ያለችው "ልኝ"። ትንሽ ናት ግን ሥራዋ ብዙ ነው፣ "ለኔ ብለህ" የምትለው እሷ ናት። "ብሩን ላክ" ስትሉ ትእዛዝ ነው፣ አለቃ ለተላላኪ የሚለው። "ላክልኝ" ግን ያው ትእዛዝ ሆኖ ውስጡ ትንሽ ሞቅ ያለ ነገር አለው። አንዱ ወጣት ደሞ አሳጥራለሁ ብሎ "ብሩን ላከኝ" ብሎ ጽፎ አይቻለሁ፣ ይሄ "እኔን ላከኝ፣ መልክተኛ ልሁንህ" ነው የሚሆነው፣ ወይ ደሞ "እሱ ላከኝ"። ሁለት ፊደል ነው ያጠፋችው።

ወደ አያ ልመለስ። ጠንከር ይበል ብለውኝ እኔ ደሞ በልቤ የዛሬን ተናግሮ የከርሞን ገበያ ከማጣት ይቅር ብየ በጣም ትሑት አርጌ ጻፍኩት፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቀሪውን 18 ሺ ብር እስከ አርብ ቢልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው፣ ማዳበሪያ ልገዛበት ስለሆነ ነው።"

81 ሆሄ፣ ሁለት ሜሴጅ። ሳነብላቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ይሄ ለማን ነው?" አሉኝ። "ለነጋዴው ነዋ" ስላቸው "እኔ እኮ ልጄ ነው የምለው፣ አንቱ ብየ ብልክለትማ ሌላ ሰው የላከበት ይመስለዋል፣ ወይ ተቆጥቼ ነው የሚመስለው" አሉኝ። ትክክል ነበሩ። እኔ ለስለስ ማለትን ከእርስዎ ማለት ጋር አምታትቼዋለሁ። ሽማግሌ ልጁን በሚያህል ሰው ላይ "አንተ" ሲል ከ"ልጄ" ጋር ሲሆን ሙቀት ነው፣ ያንን አንስተህ "እርስዎ" ስታረገው አክብሮት ሳይሆን ርቀት ነው የጨመርከው። እንዲያውም በደንብ የሚተዋወቁ ሰዎች ተጣልተው ከአንተ ወደ እርስዎ ሲሻገሩ አይታችሁ ከሆነ ያ ሽሙጥ ነው። ግልባጩ ደሞ ስድብ ነው፣ እድሜ ልክህን አንቱ ስትለው የኖርከውን ሰው ድንገት "አንተ" ብለህ ብትጽፍለት ብሩን እርሳው፣ ሽማግሌ ነው የሚያስፈልግህ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ የመጠሪያውን ነገር ከለስላሳነቱ ጋር አትነካኩት። ሁልጊዜ የምትለውን በል። አያ ከሆኑ አያ፣ እታለም ከሆነች እታለም፣ የኔታ ከሆኑ የኔታ። ማለስለሻው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

የት ነው? አማርኛ ላይ ሦስት ቦታ ነው የማገኘው። አንደኛው ግሡ ውስጥ። "ላክልኝ" ወደ "ብትልክልኝ" ስትዞር እና እዛው ላይ ስትቆም፣ "ደስ ይለኛል" እንኳን ሳትሉ፣ ነገሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ቀሪውን ተቀባዩ ራሱ ይጨርሰዋል። "ምናለ ብትልክልኝ" ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ እሷ ውስጥ ወቀሳ አለች፣ "ምን ይጎድልብሃል" እንደማለት ነው። "ትልክልኛለህ?" የሚለው ጥያቄ መሀል ላይ ነው፣ ለእኩያ ሸጋ ነው። አፍራሹ ጥያቄ ደሞ አስቂኝ ነው፣ "አትቀመጥም?" ስትል እንግዳን ማክበር ነው፣ "አትልክልኝም?" ስትል ግን መነዝነዝ ነው፣ ያው አንድ ዓይነት አረባብ ሆኖ። ልዩነቱ ጥቅሙ ለማን ነው የሚለው ይመስለኛል፣ ላንተ ጥቅም ስጋብዝህ ያማረው ለራሴ ስጠይቅህ ይጎረብጣል።

ሁለተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ማሳነሻው። "ቀሪውን ብር" እና "ያችን ቀሪ ብር"። ብሩን ሴት ስታረጋት ታንሳለች፣ 18 ሺ ብር ሆና ሳለ እንደ ትንሽ ነገር፣ በመሀላችን እንዳለች ጨዋታ ትሆናለች። ተበዳሪው ሳይሸማቀቅ ይከፍላታል። ግን ይች ነገር የምትሠራው የራሳችሁን ነገር ስታሳንሱ ነው። የሰውየውን ሱቅ "ያችን ሱቅህን" ብትሉት ወይም መኪናውን "ያችን መኪናህን" ብትሉት ንቀት ሆነች፣ ለስላሳ ልትሉ ገብታችሁ አቃላችሁ ወጣችሁ።

ሦስተኛው ጥፋተኛውን ማውጣት ነው። "አልላክህልኝም" ስትል አጥፊ አለ። "አልደረሰኝም" ስትል አጥፊ የለም፣ ባንኩም ሊሆን ይችላል ኔትወርኩም። "ብሩ ቆየብኝ"ም እንደዛው ነው፣ የቆየው ብሩ ራሱ ነው እንጅ ሰው አላቆየውም፣ ጉዳቱ ግን ያው "ብኝ" ላይ ተቀምጧል። ይችን ያዟት፣ ወደ እንግሊዝኛም ስትሻገሩ ከሁሉ በተሻለ የምትሻገረው እሷ ናት።

እና "እባክህ"ስ ትሉኛላችሁ። እውነቱን ለመናገር እባክህ በጽሑፍ ላይ ሰው የሚያስበውን ያህል አታለሰልስም። "እባክህ ብሩን ላክልኝ" ሲባል ጆሮየ ላይ ሰው ሲሰለቸው የሚለው ነው የሚመጣብኝ፣ "እባክህ ተወኝ" እንደሚባለው። ድምፅ ሲኖር ታለሰልሳለች፣ በፊደል ብቻ ግን ሁለቱንም ልትሆን ትችላለች። "እስቲ" ይሻላል፣ "እስቲ እስከ አርብ ሞክርልኝ" ሲባል ቁጣ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። "በሞቴ"ና "አፈር ስሆን" ደሞ ሌላ ነገር ናቸው፣ እነሱ ማለስለስ ሳይሆን ልመና ናቸው። እንጀራ ለማጉረስ በሞቴ ማለት ያምራል፣ የራስህን ብር ለመጠየቅ አፈር ስሆን ማለት ግን ብሩ ያንተ እንዳልሆነ መመስከር ነው። አያም "ለስለስ" ያልኳቸው ጊዜ የፈሩት እሱን ነው፣ ለማኝ እንዳላስመስላቸው።

እንደገና ጻፍኩት፦

"እንደምን ሰነበትህ ልጄ፣ ያችን ቀሪ 18 ሺ ብር እስከ አርብ ብትልክልኝ፣ ማዳበሪያ ልገዛበት ነው።"

62 ሆሄ፣ አንድ ሜሴጅ። ከመጀመሪያዋ ታጥራለች፣ ትሞቃለች፣ ቀኗም ብሯም አሉ። ማዳበሪያዋ ለምን ገባች ብትሉ ምክንያት ስላለው ነው፣ ግንቦት ላይ ገበሬ ማዳበሪያ እገዛለሁ ሲል ቀኑ የሱ ፈቃድ አደለም፣ የዝናቡ ነው። ማስፈራራት ሳትሆን ታስቸኩላለች። አያ ሰምተው "ይቺ እኔ ነኝ" አሉና ላኳት።

ነጋዴው 10 ሺ ላከ፣ ለቀሪው 8 ሺ "እሽ አያ ነገ" አለ። "እሽ ነገ" ደሞ ታውቃላችሁ፣ ነገ የሚባለው ቀን መቼም አይመጣም። በሳምንቱ አያ ተመልሰው መጡ፣ አሁን ጠንካራው ሥራ ያዘ።

ጠንካራ ላይ ሰው የሚያጠፋው ቃል መጨመር ነው። ቃለ አጋኖ ሦስት፣ "በጥብቅ"፣ "ለመጨረሻ ጊዜ"፣ "አታፍርም"፣ "ሌባ" ይጨምራል። እነዚህ ሁሉ ተቀባዩን መልስ እንዲሰጥ ነው የሚያረጉት፣ ብር እንዲልክ አደለም። ሰውየው ስለ ብሩ መከራከር ትቶ "እኔን ሌባ?" ብሎ ስለ ስሙ መከራከር ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ዕዳው ተረሳ። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው በጽሑፍ ሲሆን ይብሳል፣ ስክሪንሾት አርጎ ለሽማግሌ ያሳይሃል። ጠንካራ የሚሆነው ስትቀንስ ነው። "ብት" ወጣች፣ "ያችን" ወጣች፣ ማዳበሪያዋም ወጣች፣ ጠንካራ ሜሴጅ ምክንያት አያስረዳምና። የሚገባው ሰዓትና የሚከተለው ነገር ነው፣ እሱም በእውነት የምታረገው መሆን አለበት። እንዲህ ሆነች፦

"ልጄ፣ ቀሪው 8 ሺ ብር እስከ አርብ 11 ሰዓት ካልገባ ቅዳሜ ከሽማግሌ ጋር እመጣለሁ።"

"ልጄ" እንዳለች ተመልከቱ። እንድትወጣ ጠይቀውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። እሷ ስላለች ነው ቀሪው የሚከብደው፣ አባት ሲመክር የሚመስል ነገር አለው፣ ብትወጣ ጠብ ናት። እና "ክስ እመሠርታለሁ" ይሻል ነበር ወይ? ለ8 ሺ ብር ፍርድ ቤት እንደማይሄዱ ነጋዴውም ያውቃል፣ የማይሆን ማስፈራሪያ ደሞ ከለስላሳው ይልቅ ይለሰልሳል። ሽማግሌ ይዘው ሱቁ በር ላይ ደንበኛ ፊት መቆም ግን የሚሆን ነገር ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ሐሙስ ገባ።

ከባለሥልጣን ወይ ከመሥሪያ ቤት ጋር ሲሆን ይሄ ሁሉ ይቀየራል፣ በአጭሩ ልበለው። እዛ ጋ ማለስለሻው ቃል ሳይሆን ቅርጽ ነው፣ "ጉዳዩ፦" ከላይ፣ "በትሕትና እጠይቃለሁ" ከታች፣ መሀል ላይ ቀንና ቁጥር። ልጄም አይባልም ያችም አይባልም። ጠንካራው ደሞ ቁጣ ሳይሆን ግልባጭ ነው፣ ከታች "ግልባጭ፦" ብለህ የበላዩን መሥሪያ ቤት ስትጽፍ ሌላ ቃል አያስፈልግህም።

አሁን ወደ ሌላ ቋንቋ እንሂድ። የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ጣና ላይ ገዳማት በጀልባ የሚያስጎበኝ ነው። አንድ ፈረንጅ ግማሽ ከፍሎ ቀሪውን 60 ዶላር "ሆቴል ገብቼ እልካለሁ" ብሎ አገሩ ገባ። ልጁ ሜሴጁን ከአማርኛው ቃል በቃል አዙሮ ላከለት፣ ከ"ዲር ሰር" ጀምሮ "ሃው አር ዩ፣ ሃው ኢዝ ዮር ፋሚሊ፣ ሃው ኢዝ ሄልዝ" ብሎ በመጨረሻ "ካይንድሊ ሴንድ ሚ ማይ መኒ ቲል ፍራይደይ" አለው። የመጣው መልስ ምን ይላል መሰላችሁ፣ "ይሄ አንተ ነህ ወይስ አካውንትህ ተጠልፎ ነው?"

ልጁ ተናደደ፣ እኔ ግን ሳነበው ገባኝ። ተራ በተራ እንየው።

ሰላምታው አማርኛ ላይ የግድ ነው አልን። እንግሊዝኛ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፣ አንዴ አብሮህ ጀልባ የተሳፈረ ሰው የቤተሰቡን ጤና ስትጠይቀው "ምን ሊለኝ ነው" ብሎ መጠራጠር ይጀምራል። የኛን አክብሮት እሱ እንደ ማዘናጊያ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ያው "አሳጥረው" የሚባለው ትእዛዝ አማርኛ ላይ መሀሉን ያስቆርጣል፣ እንግሊዝኛ ላይ መግቢያውን።

"ካይንድሊ" እኛ ጋ የተማረ ሰው ቃል ነው፣ ትሕትና ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ለሆነ ለብዙ አሜሪካዊና እንግሊዛዊ ግን ወይ ትእዛዝ ይመስላል ወይ ደሞ እነዚያ "ሎተሪ ደርሶሃል" የሚሉ የማጭበርበሪያ ኢሜይሎች ቋንቋ ነው፣ ከብር ጋር ሲመጣ በተለይ። "ፕሊስ"ም ብትሆን ከትእዛዝ ግስ ፊት ስትቀመጥ፣ "ፕሊስ ሴንድ" ስትባል፣ እንደኛ እባክህ በጽሑፍ እምብዛም አታለሰልስም፣ እንዲያውም ጠንከር ያለችው እሷ ናት።

"ቲል" ደሞ ትልቁ ስሕተት ነው። የኛ "እስከ" ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፣ "እስከ አርብ እጠብቃለሁ" ሲባል እየጠበቅሁ እቆያለሁ ነው፣ "እስከ አርብ ላክ" ሲባል ከአርብ አትለፍ ነው። እንግሊዝኛ ለያይቶ ነው የያዛቸው፣ ለመጀመሪያው "ቲል"፣ ለሁለተኛው "ባይ"። "ሴንድ ቲል ፍራይደይ" ሲል ፈረንጁ የሚሰማው እስከ አርብ ድረስ እየላክህ ቆይ ነው። ሰዓት ብትጨምርበት ደሞ የኛ 11 ሰዓት የእሱ 5 ፒኤም ነው፣ ሳትቀይር ብትጽፍ ወይ ከቀትር በፊት ወይ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሆንብሃል።

እና እንግሊዝኛ ለስላሳነቱን የት ነው ያስቀመጠው? አንተና እርስዎ የለውም፣ ሁሉም "ዩ" ነው። ብሯን ሴት አርጎ ማሳነስ የለውም። ስለዚህ በሙሉ ግሡ ላይና ትናንሽ ቃሎች ላይ ከምሮታል። "ካን ዩ" ለጓደኛ፣ "ኩድ ዩ" ለብዙ ሰው የሚሆን፣ "አይ ወዝ ወንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ" በጣም የለሰለሰ። የኋለኛውን ልብ በሉት፣ ያለፈ ጊዜ ነው፣ "ትችል ይሆን እያልኩ አስብ ነበር" እንደማለት፣ አማርኛ አርጋችሁ ብትጽፉት "አስበህ ተውከው እንዴ?" ነው የምትባሉት። እኛ የምናለሰልስበት "ብት" ነው፣ እነሱ ጊዜውን ወደኋላ በመግፋት። ማሳነሻቸው ደሞ "ጀስት" ናት፣ "ጀስት ኤ ኩዊክ ሪማይንደር" ሲሉ ያችን ብር የማለትን ያህል ነው፣ ያሳነሱት ግን ብሩን ሳይሆን ማስታወሱን ነው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልነው፣ ስሙን ጠርቶ፦ "ሃይ፣ ጀስት ኤ ኩዊክ ሪማይንደር፣ አይ ሃቨንት ሪሲቭድ ዘ ሪሜኒንግ 60 ዶላርስ ፎር ዘ ቦት ትሪፕ የት። ኩድ ዩ ሴንድ ኢት ባይ ፍራይደይ? ታንክስ።" ያችን "አልደረሰኝም" አያችኋት? ሳትለወጥ ተሻገረች። "ማይ መኒ" ወጥታ "ለጀልባው ጉዞ" ገባች፣ ብሩ ለምን እንደሆነ ስለሚያስታውሰውና ከማን እንደመጣ ስለሚያረጋግጥለት። ጀልባው ላይ አብረው የተነሱትን ፎቶም ጨምር አልኩት፣ አጭበርባሪ ያ ፎቶ የለውም። ካልላከስ? ጠንካራው "ኩድ ዩ"ን አውጥቶ "ፕሊስ ሴንድ ኢት ባይ ፍራይደይ" ነው፣ ይበቃል። ሽማግሌ አመጣለሁ አይባልም መቼም። ይልቅ ሦስተኛ ሜሴጅ ከሚልክ ተወው አልኩት፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ብዙ ጊዜ መደጋገም ራሱ ስድብ ነው፣ እኛ ጋ ደሞ ሳይደጋግሙ መተው "ብሩን አልፈለገውም" ነው የሚባለው።

ወደ አማርኛ ሲመጣም ያው ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት "እንግዶች ሲወጡ ቁልፍ እንዲመልሱ ይጠየቃሉ" የሚል ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ማስታወቂያ አምጥተው አሳጥርልኝ አሉኝ። እኔም ሳላስብ "እንግዶች በቁልፍ ይጠየቃሉ" አልኩት። ለጥፈውት አንዱ እንግዳ "ምን አጠፋን?" ብሎ ተቆጣ። "ይጠየቃሉ" ከ"እንዲመልሱ" ጋር ስትሆን ልመና ናት፣ ብቻዋን ስትቀር ግን ተጠያቂነት ናት፣ የፖሊስ ቃል። እንግሊዝኛው እዛ ጋ ተደራጊ ግስ የተጠቀመው ለማለስለስ ነው፣ የኛ ተደራጊ ደሞ ብዙ ጊዜ መንግሥት የሚናገርበት ነው። "ሲወጡ ቁልፉን ይመልሱልን" ብለን ቀየርነው፣ አጠረም ለሰለሰም፣ ያችው "ልን" ናት ሥራውን የሠራችው።

ኦሮምኛ ይሻላል ለኛ። በቡሬ መንገድ ዓባይን ተሻግረው ከወለጋ በኩል ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር የሚሠራ ሰው ሜሴጅ ሲያጽፈኝ ብዙ አልጨነቅም፣ ምክንያቱም እነሱም አክብሮትን በብዙ ቁጥር ነው የሚያስቀምጡት። ለአንድ እኩያ "ናፍ ኤርጊ" ነው፣ ላክልኝ፣ ለትልቅ ሰው "ናፍ ኤርጋ" ነው፣ ላኩልኝ። "ናፍ" ደሞ የኛ "ልኝ" ናት። "ማሎ" ትጨመራለች፣ እሷም ከኛ እባክህ ትበልጣለች በሙቀት። ሰላምታውም እንደኛው ረዥም ነው፣ ከብትም ዝናብም ይጠየቃል። ለስላሳውን አማርኛ ቃል በቃል ብታዞሩት ብዙ አይበላሽም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ለስላሳውን አማርኛ በፍጹም አትተርጉሙት፣ መጀመሪያ ሐሳቧን ራቁቷን አርጓት፣ ስንት ብር፣ መቼ፣ ማን፣ ከዚያ በእንግሊዝኛው ልብስ አልብሷት።

ስለዚህ አሁን ሰው መጥቶ "ለስለስ አርግልኝ" ሲለኝ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ፊት ለፊት ስታገኘው ምን ብለህ ነው የምትጠራው? ከዚህ በፊት ስንቴ ጠይቀኸዋል? ካልላከ እውነት ምን ታረጋለህ? የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለስላሳው ከነቀኑ፣ ሁለተኛ ከሆነ አጭሩ ከነሰላምታው፣ ሦስተኛ ከሆነ ጠንካራው፣ እሱም የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ ከቻለ ብቻ። "ካልላከ ምን አረጋለሁ፣ ምንም" ያለኝ ሰው ጠንካራ ሜሴጅ አልጽፍለትም። ባለፈው አንዷ እትየ እንዲህ ብየ ስመልሳት "እሽ፣ እንግዲያ እኔው በአካል እሄዳለሁ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ብሩን ይዛ እንደተመለሰች በኋላ ሰማሁ፣ ምን ብላ እንደጠየቀችው ግን እስካሁን አልነገረችኝም።